አንድ ሰው ሲወጣ ወይም ሲገባ የቡድን አማካይ ዕድሜ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

11 ተጫዋቾች ያሉት ቡድን አለ እንበል። አማካይ ዕድሜያቸው 26 ነው። የ36 ዓመቱ አንጋፋ ተጫዋች ቡድኑን ለቀቀ። የቀሩት አማካይ ዕድሜ ስንት ይሆናል?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲያይ ቶሎ ብሎ ከ26 ጋር መታገል ይጀምራል። 26 ግን ከተጫዋቾቹ የማንም ዕድሜ ላይሆን ይችላል። ከቡድኑ የሚወጣው የአንድ ሰው ዕድሜ ነው፤ የሚነካውም ድምሩን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድምሩን እናውጣ። 11 በ26 ሲባዛ 286 ይሆናል። ከዚህ ላይ 36 ሲቀነስ 250 ይቀራል። አሁን ያሉት 10 ሰዎች ናቸው፤ 250 ለ10 ሲካፈል 25። አማካዩ በ1 ዓመት ወረደ ማለት ነው።

ሥራው በሦስት እርምጃ አለቀ፦ ድምሩን ማውጣት፣ የወጣውን መቀነስ ወይም የገባውን መጨመር፣ ከዚያ አሁን ባለው የሰው ብዛት ማካፈል። ቀጥሎ የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከነዚህ አንዱን ዘሎ ከማለፍ የሚመጡ ናቸው። ይህንኑ ቡድን ይዘን እንሂድ።

የአዲሱን ሰው ዕድሜ ከአማካዩ ጋር ደምሮ ለሁለት ማካፈል

አንጋፋው ከወጣ በኋላ 10 ተጫዋቾች ቀርተዋል፤ አማካያቸው 25 ነው። አሁን የ19 ዓመት ልጅ ገባ። አንዳንዱ ሰው 25 እና 19ን ደምሮ 44 ያገኛል፤ ለሁለት ያካፍልና "22 ነው" ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ይመስላል። ነገር ግን እዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ልጅ ከ10 ሰዎች ጋር እኩል ድርሻ ተሰጥቶታል። ይህ ልክ የሚሆነው ቡድኑ ውስጥ ቀድሞ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ነው።

ትክክለኛው 250 ሲደመር 19፣ 269 ነው። ለ11 ሲካፈል 24.45 ገደማ ይመጣል። አማካዩ የወረደው በግማሽ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ማየት ቀላል ነው። ልጁ ከአማካዩ በ6 ዓመት ያንሳል። ይህ የ6 ዓመት ልዩነት ለ11 ሰዎች ይከፋፈላል፤ ልጁ ራሱም ተካፋይ ነው። 6 ለ11 ሲካፈል 0.55 ገደማ ነው፤ 25 ላይ ያንን ስንቀንስ እዚያው 24.45 ላይ እንደርሳለን።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። አዲስ ሰው አማካዩን ከፍ ያድርገው ዝቅ ለማወቅ ዕድሜውን ከአማካዩ ጋር ብቻ ማነጻጸር ይበቃል። ከሱ የሚበልጡት ስንት እንደሆኑ ወይም ትንሹ ስንት ዓመቱ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ልክ 25 ዓመት የሆነው ሰው ቢገባ አማካዩ ንቅንቅ አይልም።

በአሮጌውና በአዲሱ የሰው ብዛት መካከል መምታታት

ጥያቄው ወደ ኋላ ሲዞር ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ ስለዚህ እዚህ ቆየት እንበል። "የ11 ተጫዋቾች አማካይ ዕድሜ 26 ነው። አሰልጣኙ ሲጨመር አማካዩ 28 ሆነ። አሰልጣኙ ስንት ዓመቱ ነው?"

በድምር ብንሄድ ምንም ግርግር የለውም። ከአሰልጣኙ ጋር 12 ሰዎች ናቸው፤ 12 በ28 ሲባዛ 336። ተጫዋቾቹ ብቻ 286። ልዩነቱ 50 ነው። አሰልጣኙ 50 ዓመቱ ነው።

አቋራጭም አለው፤ አደጋው ያለው ግን እሱ ጋ ነው። አማካዩ በ2 ዓመት ጨምሯል። አሰልጣኙ አዲሱን አማካይ 28ን ለራሱ ይይዛል፤ በዚያ ላይ ለ11ዱ ተጫዋቾች ለእያንዳንዳቸው 2 ዓመት ያዋጣል። 28 ሲደመር 22፣ 50። ወይም ከአሮጌው አማካይ እንነሳ፦ 26 ላይ 2 ጊዜ 12 እንጨምር፣ 26 ሲደመር 24፣ አሁንም 50።

ሁለቱም መንገድ ልክ ነው። የሚበላሸው ሲቀላቀሉ ነው። ከአዲሱ አማካይ ተነስቶ በ12 ያባዛ ሰው 52 ያገኛል። ከአሮጌው ተነስቶ በ11 ያባዛ 48 ያገኛል። ሁለቱም ለእውነት የቀረቡ ስለሆኑ ማንም አይጠረጥራቸውም። የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጁ መምህራንም ይህን ስለሚያውቁ 48ን እና 52ን ከ50 አጠገብ ማስቀመጥ ይወዳሉ። ከአዲሱ አማካይ ከተነሳህ በአሮጌው ብዛት አባዛ፤ ከአሮጌው ከተነሳህ በአዲሱ ብዛት። ይህን በቃል መያዝ የሚያምታታህ ከሆነ አቋራጩን ተወውና በድምር ሥራ። እኔ ድምሩን ነው የምመርጠው፤ የሚጨምረው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሰው ሲወጣም ሕጉ ያው ነው። አማካዩ ከ26 ወደ 25 ሲወርድ የወጣው ሰው 27 ዓመቱ የሚመስላቸው አሉ፤ "በ1 ስለወረደ በ1 ይበልጣል" ብለው። እሱ ሲወጣ ግን የቀሩት 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ዓመት የጎደለባቸው ያህል ነው። ስለዚህ 26 ሲደመር 10፣ 36።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛ የ36 ዓመት ሰው ቢወጣ አማካዩ እንደገና በ1 ብቻ ይወርዳል ብለህ አትጠብቅ። 250 ላይ 36 ሲቀነስ 214 ይሆናል፤ ለ9 ሲካፈል 23.78 ገደማ። ይህኛው መውረድ ከ1 ዓመት ከአንድ አምስተኛ በላይ ነው። ሰው ባነሰ ቁጥር የአንዱ ክብደት ይጨምራል፤ አማካዩም ራሱ ስለወረደ 36 ከሱ የበለጠ ርቋል።

መተካትን እንደ መውጣትና መግባት ሁለት ጊዜ ማስላት

አንዱ ወጥቶ ሌላው በቦታው ከገባ የሰው ብዛት አልተለወጠም። በ10 መካፈል የሚባል ነገር እዚህ የለም። የ36 ዓመቱ ወጥቶ የ25 ዓመቱ ከገባ ድምሩ በ11 ይቀንሳል፤ 11 ለ11 ሰዎች ሲካፈል 1። አማካዩ 25 ይሆናል። በተቃራኒው "አንድ ተጫዋች በ22 ዓመት ልጅ ሲተካ የ11ዱ አማካይ በ1 ወረደ" ከተባለ የወጣው 33 ዓመቱ ነው። በቃ።

ጊዜ ማለፉን መርሳት

"ከ2 ዓመት በፊት የ11 ተጫዋቾች አማካይ ዕድሜ 26 ነበር። ያኔ 36 ዓመቱ የነበረው ተጫዋች ዛሬ ወጣ። የቀሩት አማካይ አሁን ስንት ነው?"

እዚህ ላይ ሁለት ዘመን እየተደባለቀ ነው። ማንም ሳይወጣና ሳይገባ 2 ዓመት ካለፈ እያንዳንዱ ሰው 2 ዓመት ይጨምራል። ድምሩ በ22 አድጎ 308 ይሆናል፤ አማካዩ 28። ዛሬ የሚወጣው ሰውም 36 አይደለም፤ 38 ሆኗል። 308 ላይ 38 ሲቀነስ 270፤ ለ10 ሲካፈል 27። ቡድኑ በጣም አንጋፋውን ሸኝቶም ከ2 ዓመት በፊት ከነበረው በ1 ዓመት ይበልጣል።

ስህተቱ በሁለት በኩል ይመጣል። የዛሬውን ድምር ይዞ የድሮውን ዕድሜ የቀነሰ ሰው 27.2 ያገኛል። የድሮውን ድምር ይዞ የዛሬውን ዕድሜ የቀነሰ ደግሞ 24.8። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ሁሉንም ቁጥር ወደ አንድ ቀን አምጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ ይሻላል።

ይህ ስሌት ቡድን የሚመሩ ሰዎችም ሊያዩት የሚገባ ነገር ያሳያል። አማካዩ ከ2 ዓመት በፊት በነበረበት 26 ላይ እንዲመለስ ቢፈለግ፣ በ38 ዓመቱ ሰው ቦታ የሚገባው ስንት ዓመት መሆን አለበት? ድምሩ 286 መሆን አለበት፤ ከቀሩት 10 ሰዎች ያለን 270 ነው። ስለዚህ 16 ዓመት። የ11 ሰዎች ቡድን በየዓመቱ 11 ዓመት ያጠራቅማል። በ2 ዓመት የተጠራቀመውን 22 ዓመት በአንድ ቅያሪ ማራገፍ ከተፈለገ የሚገባው ከሚወጣው በ22 ዓመት ማነስ አለበት። "አንድ ወጣት አስገብተን ቡድኑን እናድሳለን" የሚል ዕቅድ በዚህ ቁጥር ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

የተጠጋጋ አማካይን እንደ ትክክለኛ ቁጥር መውሰድ

በወሬ የምንሰማው አማካይ አብዛኛውን ጊዜ የተጠጋጋ ነው። ከ26 ወደ 25 ወረደ ሲባል የወጣው ሰው 36 ነው ብለን እርግጠኛ የሆንነው ሁለቱ ቁጥሮች ልክ 26 እና ልክ 25 ናቸው ብለን ስለተነሳን ነው። ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋጉ ከሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዕድሜዎቹ በሙሉ ዓመት ከተቆጠሩ የ11ዱ ድምር ከ281 እስከ 291 የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ የ10ሩ ደግሞ ከ245 እስከ 254። እንግዲህ የወጣው ሰው ከ27 እስከ 46 የትኛውም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው! ምክንያቱም ትንሿ የማጠጋጋት ስህተት በሰው ብዛት ትባዛለች።

ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ብንጨምር፣ 26.0 እና 25.0 ብንባል፣ ድምሮቹ 286 እና 250 ብቻ ይሆናሉ፤ መልሱም 36 ላይ ይጸናል። ቡድኑ 100 ሰው ካለው ግን አንድ አሃዝም አይበቃም። ስለዚህ ወደ ኋላ ስታሰላ አማካዩን ሳይሆን ድምሩን ጠይቅ። መሃል ላይም አታጠጋጋ።

የአንዱ ቡድን አማካይ ከጨመረ የሌላው ይወርዳል ብሎ ማሰብ

ተጫዋች ከአንድ ቡድን ወደ ሌላ ሲዘዋወር፣ የአንዱ አማካይ ከጨመረ የሌላው መቀነስ ያለበት ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው ቡድን 11 ሰዎች፣ አማካይ 26፣ ድምር 286 ነው። ሁለተኛው 10 ሰዎች፣ አማካይ 22፣ ድምር 220 ነው። የ24 ዓመት ተጫዋች ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሄደ። መጀመሪያው 262 ለ10፣ 26.2 ሆነ። ሁለተኛው 244 ለ11፣ 22.18 ገደማ። ሁለቱም ጨመሩ፤ ማንም ግን አንድ ቀን እንኳን አላረጀም።

ይህ የሚሆነው የተዘዋወረው ሰው ዕድሜ በሁለቱ አማካዮች መካከል ሲሆን ነው። ለሚወጣበት ቡድን ከአማካዩ በታች ነው፤ ለሚገባበት ከአማካዩ በላይ። በተቃራኒው ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ቢሄድ ሁለቱም ይወርዱ ነበር። ስሌቱን ማመን ካቃተህ 21ዱን ሰዎች አንድ ላይ ደምራቸው። ከዝውውሩ በፊትም ሆነ በኋላ ድምሩ 506 ነው፤ አማካዩም ያው 24.1 ገደማ ነው።