ጠገራ ብር ለነጋዴ፣ በጨረታ ወይስ በኢንተርኔት ይሸጥ?

ሐረር ውስጥ በውርስ ያገኙትን ጠገራ ብር ለመሸጥ ካሰቡ አስቀድመው በወርቅ ሚዛን ያስመዝኑት፤ ትክክለኛው የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚህም ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። 1780 የሚለው ዓመት ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በተመቱትም ላይ ስለሚገኝ ብርቅ መሆኑን አያሳይም፤ ስለዚህ ጀጎል ያለ ነጋዴ ለማዕድኑ የቀረበ ዋጋ ወዲያው በእጅዎ ከከፈለዎት ብዙ አልተጎዱም።

የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበት፣ ያልተበሳና ያልተወለወለ ብር ግን ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ጨረታ ሊያዋጣው ይችላል። ለምሳሌ በ10,000 ብር ቢሸጥና አጫራቹ 15 በመቶ ቢወስድ 8,500 ብር ይደርስዎታል፤ ነጋዴው 8,000 ብር ዛሬውኑ ከሰጠ፣ ለ500 ብር ልዩነት ለወራት መጠበቅና ሳይሸጥ የመመለስ ስጋት መሸከም ተገቢ አይመስለኝም። ዝቅተኛውን የመሸጫ ዋጋም በጽሑፍ ያስይዙ።

በኢንተርኔት ኮሚሽኑ ቢቀርም ሐሰተኛ የክፍያ ደረሰኝ የሚልኩ አሉ፤ ርክክቡን ባንክ ውስጥ ያድርጉ፣ ገንዘቡም ሒሳብዎ መግባቱን ራስዎ ሳያረጋግጡ አያስረክቡ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለውጭ ገዢ ከመስማማትዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።