ስለ ውበት ስናወራ ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች

ከጀማሪዎች ጋ ቁጭ ብዬ ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1790 ስለ ውበት የጻፈውን መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰዉ ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው፣ ሁሌም የመጀመሪያዎቹ ገፆች ላይ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ጎበዝ ልጅ ገና ሦስተኛውን ገፅ ሳንጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ «በቃ ውበት ሰብጀክቲቭ ነው ብሏል እኮ፣ ታዲያ ምን ቀረን?» አለኝ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

«ሰብጀክቲቭ ነው» ማለትን «እንደየሰዉ ነው» ብሎ መስማት

ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ካንት አዎ፣ የውበት ፍርድ ሰብጀክቲቭ ነው ይላል። ግን ምን ለማለት? ፍርዱ የቆመበት መሠረት በነገሩ ውስጥ ያለ ባህርይ ሳይሆን የሚያየው ሰው ስሜት ነው ለማለት ነው። የአንድን አበባ ቁመት በሜትር ትለካለህ፣ ቀለሙን ትናገራለህ፣ የቅጠሉን ቁጥር ትቆጥራለህ፣ ውበቱን ግን ከነዚህ ከአንዱም ላይ በማስረጃ ማውጣት አትችልም፣ አይተኸው ደስ ሊልህ ይገባል። እስከዚህ ሰው ሁሉ ይስማማል። ስህተቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፦ «መሠረቱ ስሜት ከሆነ እንግዲህ ሁሉም የየራሱ አለው»። ይሄ ግን ከመጀመሪያው አይከተልም! ፍርዱ ከየት ይመጣል የሚለውና ለማን ይሠራል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ካንት ይሄን ለማሳየት ወይን ያመጣል። አንድ ሰው የካናሪ ደሴቶች ወይን ደስ ይላል ካለ፣ ሌላው «ለኔ ደስ ይላል በል» ብሎ ቢያርመው ሳይከፋው ይቀበላል። ስለ ውበት ግን «ይሄ ሕንፃ ለኔ ቆንጆ ነው» ማለት፣ ይላል ካንት፣ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ለሱ ብቻ ደስ የሚለው ከሆነ ቆንጆ ብሎ መጥራት የለበትም።

ይሄን ሳስረዳ ብዙ ጊዜ የሚረዳኝ የራሳችን ቋንቋ ነው። «ጣፈጠኝ፣ ጣመኝ፣ ተመቸኝ» ስንል መጨረሻ ላይ «ኝ» አለች፣ እኔ ግሱ ውስጥ ገብቻለሁ ማለት ነው። «ያምራል» ስንል ግን ያቺ «ኝ» የለችም። እና ብንጨምርባት ምን ይሆናል? «አማረኝ» ይሆናል። «አማረኝ» ደግሞ ቆንጆ ነው ማለት አይደለም፣ ፈለግኩት፣ ልብላው፣ ይኑረኝ ማለት ነው። አንድ ፊደል ብቻ ጨምረን ከውበት ወደ ፍላጎት ተሻገርን። ይሄን መጀመሪያ ሳስተውለው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ካንት ገፆች የፈጀበትን ልዩነት ነው የሚያሳየው። ሰዋስው ማስረጃ ነው እያልኩ ግን አይደለም፣ «ይጣፍጣል» ስንልም «ኝ» የለችም። ልዩነቱ የሚታየው ሰው ሲቃወመን ነው። «እኔን አልጣፈጠኝም» ካለን እሺ ብለን እናልፋለን። «አያምርም» ካለን ግን «እንዴት አያምርም? ቆይ እስቲ ከዚህ ጋ ሆነህ እየው» እንላለን፣ እጁን ይዘን ቦታ እናስቀይረዋለን። ምግብ ካልጣፈጠው ሰው ጋ ግን ማንም እንደዚህ አይሟገትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካንት ሁሉም ሰው ይስማማል ብሎ አይተነብይም። እንደማይስማሙማ በደንብ ያውቃል። «ያምራል» ስል የሌላውን ሰው ስምምነት እጠይቃለሁ፣ ይገባኛል እላለሁ ነው የሚለው። ይሄን መብት ከየት አመጣሁት ለሚለው መልሱ፣ በአጭሩ፣ ደስታው የሚመጣው ምናባችንና ነገሮችን የምንረዳበት ችሎታ ያለ አስገዳጅ ሕግ ተጣጥመው ሲጫወቱ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ማንኛውም ነገር ማወቅ የሚችል ሰው ያሉት ናቸው የሚል ነው። ይሄ ክርክር ይበቃል ወይ? እኔ ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም፣ ሁላችንም ያንኑ ችሎታ ስላለን በአንድ ነገር ላይ ያንኑ ስሜት ይሰማን ዘንድ ይገባል የሚለው ዝላይ ትልቅ ነው፣ አንባቢዎቹም እስካሁን እየተከራከሩበት ነው። ግን «እንደየሰዉ ነው» የሚለው እሱ ያላለው ነገር ነው።

«ከጥቅም ነፃ» የሚለውን «ግድ የማይሰጥ» ብሎ መተርጎም

ሁለተኛው ትልቁ። ካንት በውበት የሚመጣው ደስታ ከማናቸውም «ኢንተረስት» ነፃ ነው ይላል። ቃሉን «ጥቅም» ብለን ስንተረጉመው ሰው ገንዘብ ብቻ ያስባል፣ «ፍላጎት» ካልነው ደግሞ ሰውየው ቆንጆ ነገር ፊት ቀዝቅዞ ሲያዛጋ ይታየዋል። ሁለቱም ስተዋል። ካንት ራሱ ቃሉን ገልፆታል፦ ኢንተረስት ማለት ነገሩ በእውን መኖሩ ላይ የተንጠለጠለ ደስታ ነው። የራበው ሰው ምግቡ ሥዕል ቢሆን ደስታው ይጠፋል፣ ምክንያቱም እሱ የፈለገው ምግቡ እንዲኖርና እንዲበላው ነው።

ምሳሌው ቤተ መንግሥት ነው፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉት። አንድ ሰው ፊት ለፊትህ ያለውን ቤተ መንግሥት እያሳየ ቆንጆ ነው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። «እንደዚህ ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያየው ብቻ የተሠራ ነገር አልወድም» ልትል ትችላለህ። ወይም እንደ ፈላስፋው ሩሶ ተቆጥተህ ትልልቆቹ ሰዎች የሕዝቡን ላብ በማያስፈልግ ነገር ላይ አባከኑት ልትል ትችላለህ። ወይም ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻዬን ብሆንና በምኞት ብቻ እንደዚህ ዓይነት ሕንፃ ማቆም ብችል እንኳን፣ የምትመች ጎጆ ካለችኝ አልደክምበትም ልትል ትችላለህ። ካንት ሁሉንም ይቀበላል! አንዱንም ስህተት ነው አይልም። ግን ጥያቄው ይሄ አልነበረም ነው የሚለው። የተጠየቅከው ቤተ መንግሥቱ መኖር ነበረበት ወይ ተብለህ ሳይሆን፣ ስታየው፣ በማየትህ ብቻ፣ ደስታ አብሮ ይመጣል ወይ ተብለህ ነው።

ጀማሪዎች እዚህ ጋ የሚናደዱት ስለ ሕዝቡ ላብ ነው፣ ቁጣቸውንም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ጥሩ ሰው ስለሆኑ ነው። «ታዲያ ግፉን ረስተን እናድንቅ ነው የሚለው?» ይላሉ። አይደለም። ግፉን ማውገዝ ትችላለህ፣ ቤተ መንግሥቱ ባይሠራ ይሻል ነበር ማለትም ትችላለህ፣ ያ የሞራል ፍርድ ነው፣ ከውበት ፍርዱ ሊበልጥም ይችላል። «አስቀያሚ ነው» ብለህ ግን አንዱን በሌላው ልብስ አታውጣው። በሌላ በኩል ባለቤቱም ያው ነው፣ ቤቱ የሱ ስለሆነ የሚሰማውን ኩራት «ያምራል» ይለዋል። አንዱ መኖሩ አስቆጥቶታል፣ ሌላው መኖሩ ጠቅሞታል፣ ሁለቱም ገና አላዩትም።

ካንት በዚያው ክፍል የግርጌ ማስታወሻ ላይ ፍርዱ ከኢንተረስት ነፃ ሆኖ ግን ራሱ በጣም ሊስብ ይችላል ይላል። ይቺን ማስታወሻ ዘሎ ያለፈ ሰው ነው «ግድ የለሽነት» የሚለውን ይዞ የሚቀረው። ቆንጆ ነገር ፊት እኮ እንቆያለን፣ ማየቱ ራሱ ሌላ ማየትን ይወልዳል።

ራስን ቶሎ ነፃ ማውጣት

ይሄን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ታናሽ እህቴ የሳለችው አንድ ሥዕል ቤቴ ግድግዳ ላይ ነበር፣ ዛፍና ውሃ። ለዓመታት ለመጣ ሁሉ ቆንጆ ነው እያልኩ አሳይ ነበር፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ያ ራሱ ፍርዴን ንፁህ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችውና ሰማያዊው በግራ በኩል ከብዶ ዛፉን ወደዚያ እየጎተተው ነው አለችኝ። ተናደድኩ፣ በጣም። ማታ ላይ ነው የንዴቴ ነገር ያሳሰበኝ። የማላውቀው ሰው ሥዕል ቢሆን ኖሮ ሄጄ አይ ነበር እንጂ አልናደድም ነበር። እሷ ያለችው ስለ ሰማያዊው ነበር፣ እኔ የሰማሁት ስለ እህቴ ነው። ለሰው አለመናገሬ እኔን ከማወቅ አላዳነኝም።

ከዚያ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይሄን ነገር ሌላ ሰው ቢሠራው፣ የሌላ ሰው ቢሆን፣ ነገ ባይኖር፣ አሁን በማየቴ የሚሰማኝ ደስታ ይቀራል ወይ? ጥያቄው ይረዳል ግን ምስክር ወረቀት አይሰጥም። ካንት ራሱ ሰው እዚህ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ይቀበላል። ስለዚህ «የኔ ፍርድ ከጥቅም ነፃ ነው፣ ያንተ ግን አይደለም» ብሎ ክርክር የሚዘጋ ሰው ሲገጥማችሁ አትቀበሉት። ሥዕሉን አሁንም በእርግጠኝነት ያምራል ማለት አልችልም። ሰማያዊው ግን እውነትም ይከብዳል።

ድምፅ መቁጠር

መቶ ሰው ያደነቀው ሕንፃ አንተን ካላስደሰተህ የነሱ ቁጥር ቆንጆ ነው እንድትል አያስገድድህም፣ ምክንያቱም ማየት ያለብህ በራስህ ዓይን ነው። አንድ ወጣት ገጣሚ ግጥሙ ቆንጆ እንደሆነ እርግጠኛ ሲሆን ጓደኞቹም አንባቢዎቹም አያሳምኑትም፣ በኋላ በልምምድ ዓይኑ ሲሳል ራሱ ይተወዋል። ይሄም የካንት ምሳሌ ነው፣ በዚህ አልፋለሁ።

በወፏ ምሳሌ ሁሉንም አፈረስኩት ማለት

ትንሽ የገፉ አንባቢዎች ደግሞ ይቺን ያመጡብኛል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አለ፣ እንግዶቹን ለማስደሰት ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ልጅ ይደብቅና ናይቲንጌል የምትባለውን ወፍ ዜማ በሸምበቆ ያስመስለዋል። እንግዶቹ ፀጥ ባለ የበጋ ምሽት ደስ ብሏቸው ይሰማሉ። ማታለል መሆኑን ሲያውቁ ግን ማንም ከዚያ በኋላ ሊሰማው አይታገሥም። «አያችሁ፣ ድምፁ ያው ነው፣ የተቀየረው ወፏ መኖሯ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መኖር ግድ ይሰጣል» ይላሉ።

ጥሩ ተቃውሞ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ግን ክፍሉን ከመጀመሪያው አንብቡት። ካንት እዚያ የሚያወራው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በውበቱ ላይ ስለሚጨመር ሌላ ነገር ነው፣ ተፈጥሮ ራሷ ይሄን አደረገችው በሚል ሐሳብ ላይ ስለቆመ ፍቅር። ኢንተረስት የፍርዱ መሠረት መሆን አይችልም አለ እንጂ በኋላ መጥቶ አይቀላቀለውም አላለም። እንግዶቹ ያጡት ያንን የተጨመረውን ነው። የከበደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፦ ያንን ካጡ በኋላ ዜማው ብቻውን ለምን አልበቃቸውም? ሁለቱ ደስታዎች እንደተባለው የሚለያዩ ከሆነ ቢያንስ አንዱ መቅረት ነበረበት። ምናልባት ማታለሉ ያስቆጣቸው ቁጣ ጆሯቸውን ዘግቶት ይሆናል፣ ልክ የእህቴ ነገር የኔን ዓይን እንደዘጋው። ምናልባት ደግሞ ሁለቱ ካንት እንዳሰበው ያን ያህል አይለያዩም። አንባቢዎቼ እዚህ ሲደርሱ መጽሐፉን ከፍተው ያቺን አንቀፅ ድጋሚ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ መልስ አልሰማሁም።