የሚጠበቀው ኤንፒቪ ከመደበኛው ጋር እኩል ሲወጣ

ምልክቱ፦ የአንድን ሥራ ኤንፒቪ፣ ማለትም ወደፊት የሚገባው ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ተቆጥሮ መነሻ ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈውን፣ ለማስላት ሦስት ሁኔታ ሠርተሃል፤ ምርጥ፣ መደበኛና ክፉ። በዕድላቸው አባዝተህ ስትደምር ግን መልሱ ቁጭ የመደበኛው ኤንፒቪ ሆነ። ይህን ፋይል ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም።

መንስኤው፦ መደበኛውን ወስደህ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 በመቶ ገፍተኸዋል። መስታወት ነው የሠራኸው።

አንድ ዳቦ ቤት ሊከፍት የተነሳ ሰው ያመጣልኝ እንዲህ ነበር። መነሻ ወጪ 10 ሚሊዮን ብር፣ 5 ዓመት፣ የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚያወርደው የቅናሽ መጠን በዓመት 20 በመቶ። በዓመት የሚገባው የተጣራ ገንዘብ 4.8፣ 4.0 ወይም 3.2 ሚሊዮን። ኤንፒቪው በቅደም ተከተል 4.35፣ 1.96 እና −0.43 ሚሊዮን ወጣ። በ25፣ 50 እና 25 በመቶ ሲመዘን 1.96። ወደ ላይና ወደ ታች ለምን 20 በመቶ ብዬ ብጠይቀው «ደህና ቁጥር መሰለኝ» አለኝ።

መፍትሄው፦ ክፉውን ቀን ከቁጥር ሳይሆን ከታሪክ ጀምር። ከ10 ሚሊዮኑ 6ቱ ከውጭ የሚገባ ምድጃ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። እኛ 50 በመቶ ጭማሪ ብቻ እንውሰድ፤ ምድጃው 9 ሚሊዮን፣ ጠቅላላው 13 ሚሊዮን ይሆናል። ዶላር ሲጠፋ ደግሞ ባንክ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና፣ ኤልሲም፣ ይዘገያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ዜሮ፣ ቀሪዎቹ አራት ዓመታት 3.0 ሚሊዮን። እነዚህ ነገሮች ተያይዘው ስለሚመጡ አንዱን ብቻ መቀነስ ዋጋ የለውም። ኤንፒቪው −6.53 ሚሊዮን ይሆናል። ዕድሎቹን ሳንነካ የሚጠበቀው ወደ 0.44 ወረደ።

```
=NPV(20%,C3:C7)+C2
=SUMPRODUCT(B10:B12,D10:D12)
```

C3:C7 የአምስቱ ዓመት ገንዘብ፣ B10:B12 ዕድሎቹ፣ D10:D12 የሦስቱ ሁኔታዎች ኤንፒቪ ናቸው። C2 መነሻ ወጪው ነው፤ በአሉታዊ ምልክት ይጻፍ፣ ቅንፉ ውስጥም አታስገባው። ደግሞ፣ እባክህ፣ የዘገየውን ዓመት ባዶ አትተው! ኤክሴል ባዶ ሴል ይዘላል፤ የ2ኛውን ዓመት ገንዘብ 1ኛ ዓመት ላይ ያስቀምጠዋል። −6.53 የነበረው −5.23 ሆኖ ያታልልሃል። 0 ብለህ ጻፍ። በዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ።

ዕድሎቹንም ከሆድህ አታውጣ። ማሽን ያስገቡ ሰዎችን ስንቶቹ እንደዘገየባቸው ጠይቅ። ዳቦ ቤቱን በ15፣ 50 እና 35 ስመዝነው −0.65 ሚሊዮን ሆነ። ምርጡን ስትሠራም ምድጃው በቀን ስንት ዳቦ እንደሚጋግር እይ፤ ከዚያ በላይ አይሸጥም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ዕድሎቹ ተደምረው 100 አይሞሉም። ወይም ለክፉው የቅናሽ መጠኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ያ አንዱን ስጋት ሁለቴ መቁጠር ነው።

ሰውየው ግን ዜሮዋን አይቶ ዝም አለ። ቤቱን ቀድሞ ተከራይቶ ኖሯል። የ1ኛው ዓመት ቁጥር ከዜሮም በታች ነበር።