ክፍል 1 ይጮኻል፣ ክፍል 2 ያንሾካሹካል፦ የተከታታይ ቪዲዮ ድምፅ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ ይህ ነው። ተመልካቹ ክፍል 1ን ጨርሶ ክፍል 2ን ይከፍታል። ድምፁ ያንስበትና በሪሞት ይጨምራል። ክፍል 3 ሲመጣ ደግሞ ቤቱን ያናጋዋል፤ እየተሯሯጠ ይቀንሳል። ቪዲዮውን ያቀናበረው ልጅ ግን ፋይሎቹን ከፍቶ ሲያይ የድምፅ ቆጣሪው በሁሉም ላይ እኩል ጫፍ ይነካል። «እኔ ጋ ልክ ነው» ይላል። ልክ አይደለም።

ደሴ ውስጥ የሰው ቪዲዮ ድምፅ ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል። ማይኩ መሰካቱን፣ ባትሪው መሙላቱን፣ ድምፅና ምስል አብረው መሄዳቸውን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። ደጋግሞ ስለሚመጣብኝ ችግር ነው መጻፍ የፈለግኩት።

ዋናው ጥፋት፦ «ኖርማላይዝ» የሚለውን ቁልፍ ማመን

የማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ላይ ያለው ተራው ኖርማላይዝ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ከፍተኛውን ጫፍ። ያንን ጫፍ ወደ -1 ዲሲቤል ያደርሰዋል፣ ሌላውም በዚያው መጠን አብሮ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ጆሮ ግን በጫፍ አይሰማም። አንድ የብርጭቆ ግጭት ከሰከንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ጫፍ ነክቶ ይጠፋል። ጆሮ የሚፈርደው ደቂቃዎችን ሙሉ በሚቀጥለው ንግግር ነው።

አንድ የማልረሳው ሥራ አለ። ደሴ ውስጥ የወሎን ምግብና የቡና ሥርዓት የሚያስተምሩ እናት አሉ። እትዬ እላቸዋለሁ። 12 ክፍል ቀርጸው ልጃቸው አቀናበረላቸው። አንድ ቀን ጠርተውኝ «ልጄ፣ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ክፍል 2 ላይ ድምፅሽ ጠፋ ትለኛለች። ታምሜ መስሏታል» አሉኝ።

ክፍል 1 ላይ እትዬ ቁጭ ብለው ስለ ቅመም ያወራሉ፤ ከንግግር ሌላ ምንም የለም። ክፍል 2 ላይ ቡና ይቆላሉ፣ ከዚያም በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ውቀጣው ከ14 ደቂቃው 40 ሰከንድ ያህል ነው። ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ማይኩ ደረታቸው ላይ ነበር። ልጁ ሁለቱንም ፋይል ኖርማላይዝ አደረገ። በክፍል 1 ጫፉን የነካው የእትዬ ድምፅ ነው። በክፍል 2 የነካው ዘነዘናው ነው። ስለዚህ የእትዬ ድምፅ ከዘነዘናው በታች ተቀብሮ ቀረ።

ለካሁት። ክፍል 1 -16.2፣ ክፍል 2 -24.8 ሉፍስ። የሁለቱም ጫፍ -1 ነው። ልዩነታቸው 8.6 ነው። ወደ 10 ሲጠጋ ጆሮ «በእጥፍ ጮኸ» ይላል፤ እህትየው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ሉፍስ ማለት ጆሮ የሚሰማውን ልክ በአማካይ የሚናገር መለኪያ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው አሠራር ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ -16 ከ-24 ይጮኻል። አሁን ባለው አሠራር ዝምታን አይቆጥርም፤ ከአማካዩ ከ10 በላይ ዝቅ ያለውንም ይተወዋል። ስለዚህ እትዬ ጀበናውን እስኪጥዱ ዝም ቢሉ ቁጥሩ አይበላሽም።

መፍትሄው፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ለካ። ፕሮግራምህ የሉፍስ መለኪያ ካለው ሙሉውን ክፍል አጫውተህ `Integrated` የሚለውን አንብብ። ከሌለው በትእዛዝ የሚሠራው ነፃ ፕሮግራም ኤፍኤፍኤምፔግ ይበቃል፦

```
ffmpeg -i 02.mp4 -af ebur128=peak=true -f null -
```

መጨረሻ ላይ `I:` ከሚለው ጎን ያለው የክፍሉ ልክ ነው፤ `Peak:` ጫፉ ነው። 12ቱንም ለክተህ ወረቀት ላይ ጻፍ። በጆሮህ ብቻ አትፍረድ። ማታ ፀጥ ባለ ቤት የጮኸው ድምፅ ቀን ፒያሳ ላይ አይሰማም።

ከዚያ አንድ ቁጥር ምረጥ። እኔ ለንግግር -16ን እይዛለሁ። ዩቲዩብ ከ-14 አካባቢ በላይ የጮኸውን ይቀንሳል፤ ያነሰውን ግን አያሳድግም። ስለዚህ 12ቱም -16 ከሆኑ አንዱንም አይነካቸውም፤ እንዳስተካከልካቸው ይቀራሉ። -14ም ስህተት አይደለም፤ ንግግርን እዚያ ለማድረስ ግን የበለጠ መጭመቅ ይጠይቃል። ደግሞ እዚህ ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚቀባበለው በፍላሽና በቴሌግራም ነው። ፋይሉ ከፍላሽ ሲከፈት ድምፁን የሚያስተካክልልህ ማንም የለም።

አሁን ወደ ክፍል 2። -24.8ን ወደ -16 ለማምጣት 8.8 መጨመር ያስፈልጋል። ጫፉ ግን ቀድሞውኑ -1 ላይ ነው፤ 8.8 ቢጨመርበት ዘነዘናው ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ የጮኸውን እያወረደ ልዩነቱን በሚያጠበው ኮምፕሬሰር ሁሉንም ይጨፈልቃል። አታድርገው። የውቀጣውን 40 ሰከንድ ብቻ ቆርጠህ በ12 ዲሲቤል ዝቅ አድርገው። ውቀጣው አሁንም ውቀጣ ሆኖ ይሰማል። እንደገና ስለካ -25.3 ሆነ፤ ጫፉ ግን ወደ -9.8 ወረደ። አሁን ቦታ አለ። 9.3 ስጨምር ልኩ -16፣ ጫፉ -0.5 ሆነ። ከ-1.5 በላይ የሚወጡት ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆኑ ጫፉ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገታው ሊሚተር ያዛቸው፤ 02b.mp4 ውቀጣው ዝቅ የተደረገበት ፋይል ነው፦

```
ffmpeg -i 02b.mp4 -c:v copy -af "volume=9.3dB,alimiter=limit=0.84:level=false" -c:a aac -b:a 192k -ar 48000 02c.mp4
```

0.84 ማለት -1.5 ዲሲቤል ነው። `level=false` የሚለውን እንዳትረሳ። ካልጻፍከው ሊሚተሩ በራሱ ድምፁን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የለካኸውም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ሌሊት ያለቀሰ ልጅ አውቃለሁ። ስትጨርስ የወጣውን ፋይል ለካ። ከ-16 በ0.5 ቢዛነፍ ግድ የለም። በ2 ከተዛነፈ አንድ ነገር ተሳስተሃል።

ልኩን በራሱ የሚያስተካክለውን `loudnorm` የሚለውን የኤፍኤፍኤምፔግ ማጣሪያ የምትጠቀሙ አላችሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ አሂዱት፣ አንዴ ለመለካት፣ አንዴ ለመሥራት። አንዴ ብቻ ካሄደ፣ ወይም ጫፉ ቦታ ካጣ፣ ድምፁን እየሄደ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በሁለተኛው ዙር `normalization_type` የሚለው `dynamic` ካለ ይህ ሆኗል ማለት ነው። እትዬ ዝም ባሉ ቁጥር የከሰሉ ፍንጣቂና የጎረቤት ዶሮ እያደገ ይመጣል። መጀመሪያ ጫፉን በእጅ ዝቅ አድርገው፣ ከዚያ ተመለስ።

ቁጥሩ እኩል ነው፣ ንግግሩ ግን አሁንም ያንሳል

ይህ ሁለተኛው ነው፤ ጎበዞችንም ይይዛል። የእትዬ ክፍል 7 ግማሹ ክራር ነበር። የወንድማቸው ልጅ አምባሰልና ባቲ እየተጫወተ እርሳቸው መሃል መሃል ላይ ያወጋሉ። ሙሉው ክፍል -16 ይለካል። ሰው ግን አሁንም ሪሞት ያነሳል። ምክንያቱ ክራሩ አማካዩን ወደ ላይ ጎትቶታል፤ ንግግሩ ለብቻው ሲለካ -19 ነው።

ተመልካች ድምፅ የሚያስተካክለው ቃሉ እንዲሰማው ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ያለበት ተከታታይ ከሆነ ከየክፍሉ ንጹህ ንግግር ያለበትን ሁለት ሦስት ደቂቃ ለይተህ ለካ፦

```
ffmpeg -ss 60 -t 180 -i 07.mp4 -af ebur128 -f null -
```

ንግግሩን ከንግግር ጋር አስተካክል። ክራሩን ለይተህ ከንግግሩ ጋር አብሮ እንዲሄድ በጆሮህ አስቀምጠው። ሙሉው ክፍል ከዚያ -14.5 ቢል አትደንግጥ። ከ-14 ካለፈ ግን ዩቲዩብ ንግግሩንም አብሮ ይቀንሰዋል፤ ያኔ ክራሩን ዝቅ አድርግ።

የመግቢያ ሙዚቃም እዚህ ይገባል። አምስት ሰከንድ ጮኾ የሚጀምር መግቢያ ተመልካቹን ገና ከበሩ ድምፅ ያስቀንሰዋል፤ እትዬ ሲያወሩ መልሶ ይጨምራል። በ12 ክፍል 24 ጊዜ ማለት ነው። መግቢያውን ለብቻው ለክተህ ከንግግሩ 2 ወይም 3 ዝቅ አድርገው፤ አንዴ ከተስተካከለ ለሁሉም ክፍል ያንኑ ፋይል ተጠቀም።

በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ

አንዳንድ ርካሽ የደረት ማይኮች ድምፁን በግራ ብቻ ይጽፋሉ። አንድ ሱቅ «ስቴሪዮ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ማስተላለፊያ ሦስት ቀረጻ አበላሽቶብኛል፤ ምክንያቱም በኢርፎን እስክሰማው አላወቅሁም። የግራውን ወደ ቀኝ ገልብጥ፦

```
ffmpeg -i 05.mp4 -c:v copy -af "pan=stereo|c0=c0|c1=c0" -c:a aac -b:a 192k 05b.mp4
```

ይህ ከመለካት በፊት መሠራት አለበት። ያው ድምፅ በሁለቱም ጆሮ ሲሆን ልኩ በ3 ያድጋል። መጀመሪያ አስተካክለህ በኋላ ከገለበጥክ ያ ክፍል ከሌሎቹ በ3 ይጮኻል።

በአጭሩ

ውጭ ተቀርጾ የጦሳ ተራራ ነፋስ ከገባበት፣ ጫፉን የበላው ጉርምርምታው ነው፤ ከመለካትህ በፊት ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ።

በስልክ ድምፁ ጠፍቶ በኢርፎን የሚሰማ ከሆነ የአንዱ ቻናል ሞገድ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ ሲደመሩ እየተጠፋፉ ነው፤ አንዱን ብቻ ወስደህ ወደ ሁለቱም ገልብጥ።

ሰውዬው ዝም ሲል ጀርባው የሚያድግ ከሆነ ካሜራው ራሱ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያደረገ ቀርጾታል። ይህን በኋላ ማዳን አይቻልም። ቀረጻ ላይ አውቶ የሚለውን አጥፋ።

ከጫንክ በኋላ ዩቲዩብ ላይ `Stats for nerds` ክፈት። `content loudness` ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ከ-14 ጋር ያለውን ልዩነት ያሳያል፤ በ-16 ለተሠራ ክፍል ወደ -2 ዲሲቤል ይላል። ከ12ቱ አንዱ ላይ +3 ካየህ የጫንከው አሮጌውን ፋይል ነው። የእትዬ ክፍል 9 ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ ልጃቸው ከፍላሹ የቆየውን አንስቶ ጭኖት ነው።