ግማሽ ኦም የማትሞላ ለውጥ በዊትስቶን ብሪጅ እንዴት ትለካለች?

አንድ ጫፉ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ላሜራ ብረት አለ እንበል። ስፋቱ 30 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ነው። ከታሰረው ጫፍ አጠገብ፣ ላዩ ላይ፣ 350 ኦም የሆነ ስትሬይን ጌጅ ተለጥፏል። ስትሬይን ጌጅ ማለት ብረቱ ሲለጠጥ አብሮ የሚለጠጥ፣ በዚያው ልክ ሬዚስታንሱ ከፍ የሚል ስስ ሴንሰር ነው። ከጌጁ 20 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 2 ኪሎ ስኳር ስናንጠለጥል ብረቱ ጎንበስ ሲል በዓይን ይታያል። ጌጁን በመልቲሜትር ስንለካው ግን ከስኳሩ በፊትም 350፣ ከስኳሩ በኋላም 350 ነው።

ሴንሰሩ አልተበላሸም። ለውጧ ሜትሩ ከሚያያት በታች ስለሆነች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሆነች እናስላ።

1. የሬዚስታንሱን ለውጥ አስሉ

የ2 ኪሎ ክብደት በ20 ሴንቲሜትር ክንድ ሲጎትት ጌጁ ያለበት ቦታ ላይ ያለው ብረት ከሚሊዮን 436 እጅ ያህል ይለጠጣል። ይህ የሚመጣው ከብረቱ ስፋት፣ ውፍረትና ጥንካሬ ነው። የተለመደ ብረት ስለሆነ መለጠጥን የሚቋቋምበትን መጠን 200 ጊጋፓስካል ብዬ ወስጃለሁ። ጌጁ ይህን መለጠጥ በ2 ያህል ያባዛዋል። ይህ ቁጥር ጌጅ ፋክተር ይባላል፤ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

```
ΔR = 350 × 2 × 0.000436 = 0.305 Ω
```

ከ350 ውስጥ 0.305! 1 ኦም እየዘለለ የሚቆጥር ሜትር ይህን ሊያሳይ አይችልም።

2. ብሪጁን ሥሩ

ጌጁን ከአንድ 350 ኦም ሬዚስተር ጋር ተከታታይ አድርገን 5 ቮልት ብንሰጠው መሃሉ ላይ 2.5 ቮልት እናገኛለን። ስኳሩ ሲንጠለጠል 2.5011 ይሆናል። ሜትሩ ሁለቱንም 2.50 ይላቸዋል። ችግሩ ያቺ 2.5 ቮልት ናት። ምንም መረጃ ሳትይዝ ስክሪኑን ትሞላዋለች።

የብሪጁ ሥራ እሷን መቀነስ ነው። ጎን ለጎን ሁለተኛ መስመር እንሠራለን። በግራ በኩል R1 ከላይ፣ R2 ከታች፤ መሃላቸውን A እንበለው። በቀኝ በኩል R3 ከላይ፣ ጌጁ Rg ከታች፤ መሃላቸው B ነው። ሁለቱም መስመሮች ከአንዱ 5 ቮልት ይመገባሉ። ሜትሩ የሚገባው A እና B መካከል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ከልማድ የተነሣ ጥቁሩን ገመድ ከባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያደርገዋል። እንደዚያ ካደረጋችሁ ያቺው 2.5 ቮልት ተመልሳ መጣች። ጥቁሩ A ላይ፣ ቀዩ B ላይ ይሁን።

3. መቼ ሚዛን እንደሚገባ እወቁ

A እና B እኩል ቮልት ላይ ከሆኑ ሜትሩ ዜሮ ያነባል። ይህ የሚሆነው ሁለቱ መስመሮች 5 ቮልቱን በእኩል ድርሻ ሲከፍሉት ነው፦

```
R1 / R2 = R3 / Rg     ወይም     R1 × Rg = R2 × R3
```

ቀመሩ ውስጥ የባትሪው ቮልቴጅ የለም። ስለዚህ ሚዛን የገባ ብሪጅ 5 ቮልትም ስጡት 3፣ ዜሮው ዜሮ ነው። በ1833 ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ የፈለሰፈው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ቻርልስ ዊትስቶን ያስተዋወቀው ዘዴ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነበር። የባትሪያቸው ቮልቴጅ ቢወርድም ሬዚስታንስን በትክክል ማወዳደር ይችሉ ነበር።

እኛ ግን ዛሬ የምንፈልገው ሚዛኑን ሳይሆን ከሚዛኑ የወጣችውን ትንሽ ቮልት ነው። እሷ ደግሞ ከባትሪው ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። 5 ቮልቱ የተረጋጋ መሆን አለበት።

4. ከሚዛን የወጣውን ቮልት አስሉ

ሙሉው ቀመር B ሲቀነስ A ነው፦

```
Vo = 5 × ( Rg/(R3+Rg) − R2/(R1+R2) )
```

አራቱም 350 ሆነው ጌጁ ብቻ በትንሹ ሲጨምር ወደዚህ ያጥራል፦

```
Vo ≈ 5 × ΔR / (4 × R) = 5 × 0.305 / 1400 = 1.09 mV
```

አጭሩ ቀመር ትንሽ ያጋንናል፤ ስህተቱ የΔR/R ግማሽ ያህል ነው። እዚህ 0.04 በመቶ ስለሆነ እርሱት። ሬዚስታንሱ 10 በመቶ የሚለወጥ ሴንሰር ከሆነ ግን ስህተቱ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ያኔ በሙሉው ቀመር ሥሩ።

5. ዜሮውን መዝግቡ፣ ከዚያ ፈትኑ

ብሪጁን እንደሠራችሁ ሜትሩ ዜሮ አያሳይም። አንዱ ሬዚስተር 1 በመቶ ብቻ ቢዛነፍ 12.5 ሚሊቮልት ያመጣል። ይህ ከስኳራችን ምልክት አሥር እጥፍ ይበልጣል። አትደንግጡ። ጌጁ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ትንሽ ይሞቃል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ንባቡ ሲረጋጋ ጻፉት፣ ከዚያ ስኳሩን አንጠልጥሉ። መልሱ የሁለቱ ንባብ ልዩነት ነው።

ይህን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ። ስኳሩን አውርዱና 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ከጌጁ ጋር ትይዩ ንኩት። ጌጁ 350 መሆኑ ቀርቶ 348.78 ኦም መስሎ ይታያል፤ ንባቡም ከዜሮው በ4.37 ሚሊቮልት መውረድ አለበት። 4.2 ከወረደ 5 ቮልታችሁ ምናልባት 4.8 ነው። ከወረደ ይልቅ ከወጣ A እና B ተቀያይረዋል። ንባቡ እዚያው ከቆመ ጌጁ ብሪጁ ውስጥ የለም፤ የብየዳውን ነጥብ እዩት። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድም ብሪጅ አላምንም።

6. ገመዱን ተጠንቀቁ

አንድ ቀን ምንም ሳልነካው ንባቡ ቀስ እያለ ይወጣብኝ ነበር። ሙጫው ለቀቀ ብዬ ጌጁን ላነሣው ስል ገመዱ ላይ ፀሐይ ማረፏን አየሁ። በእጄ ጥላ አጠላሁበት። ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ጌጁን የሚያገናኙት ሁለት ሽቦዎች በድምሩ 1 ኦም ቢሆኑና በ10 ዲግሪ ቢሞቁ፣ መዳብ በዲግሪ 0.39 በመቶ ስለሚጨምር 0.039 ኦም ይደመራል። ይህ 0.14 ሚሊቮልት ነው፤ ሩብ ኪሎ ስኳር የተጨመረ ያህል።

መፍትሔው ሦስተኛ ሽቦ ነው። ከጌጁ አንድ እግር አንድ ሽቦ፣ ከሌላው እግር ሁለት ሽቦ ይውጣ። ከሁለቱ አንዱ ወደ R3 ይሂድ፣ ሌላው ለብቻው ወደ ሜትሩ ይምጣና B እሱ ይሁን። አሁን የመጀመሪያው ሽቦ በጌጁ ክንድ፣ ሁለተኛው በR3 ክንድ ውስጥ ገቡ። ሁለቱም እኩል ርዝመት ካላቸው እኩል ይሞቃሉ፣ ክፍፍሉም አይለወጥም። በሦስተኛው በኩል ወደ ሜትሩ የሚያልፈው ከረንት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ መሞቁ ንባቡን አይነካውም። ሦስቱን አንድ ላይ ጠምዝዟቸው፤ አንዱ ጥላ ሌላው ፀሐይ ላይ ከሆነ ማካካሻው አይሠራም።