በንዴት የተጻፈን የትራፊክ ቅጣት አቤቱታ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

የቅጣት ወረቀቱ ገና እጅ ላይ እያለ የሚጻፍ አቤቱታ ከቅጣቱ ይልቅ ስለ ቀጪው ያወራል። ሆኖም ረቂቁን አይቅደዱት፤ የሚያዋጣው ፍሬ ነገር ብዙ ጊዜ ስድቡ መሃል ተደብቆ ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ባልተፈቀደ ቦታ መኪና አቁመሃል ተብሎ የተቀጣ አሽከርካሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ይሄ ዘረፋ ነው! ትራፊኩ ሆን ብሎ አድብቶ ነው የቀጣኝ። ምልክት የሚባል ነገር የለም፣ በቆርቆሮ አጥራችሁበት! የቆምኩት ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ከፊቴ ሦስት መኪና ነበር፣ እነሱን ማን ነካቸው? ነገ ዛሬ ስትሉ ቀኑ ያልፍና ቅጣቱ ይጨምርብኛል። ባስቸኳይ ካልሰረዛችሁ ለሚዲያ ነው የምሰጠው!!»

መጀመሪያ፣ ሌላ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ወይም ወረቀት አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ብቻ ያስምሩበት። እዚህ ረቂቅ ላይ የሚሰመርባቸው ሁለት ናቸው፦ የቆርቆሮው አጥርና የመክፈያው ቀን።

ቀጥሎ ያልተሰመረበትን ያውጡ። ከሁሉ የሚጎዳው «ለአምስት ደቂቃ» የሚለው ነው። ጸሐፊው ማቃለያ መስሎት ያስገባው ቃል፣ መርማሪው ዘንድ መኪናውን ማቆሙን የሚያምንበትና ምልክቱን ግን የማያስተባብልበት ይሆናል። የሌሎቹ መኪኖች አለመቀጣትም የእርስዎን ቅጣት አያነሳም። «ሆን ብሎ» የሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ማስረጃ አይገኝለትም። ትራፊክ ፖሊሱ በእርግጥ ከሰደበዎት ወይም ገንዘብ ከጠየቀዎት ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ያመልክቱ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከተጻፉ የምልክቱ ጉዳይ በጠቡ ይዋጣል።

የቀረውን ደግሞ ልክ ያስይዙት። «ምልክት የለም» እና «በቆርቆሮ አጥራችሁበት» እርስ በርስ ይጣላሉ። መርማሪው ሄዶ ምልክቱን ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ቢያገኘው ደብዳቤው በሙሉ ውሸት ይመስላል። ስለዚህ «የለም» የሚለው «ከመንገዱ አይታይም» ይሁን።

ብዙ አቤቱታ የሚሰናከለው በሰዓት ነው። ወረቀቱ ጠዋት 3፡40 ሲል የስልክዎ ፎቶ 9፡40 ይላል፤ ወረቀቱ ጥቅምት 14 ሲል ስልኩ ኦክቶበር 24 ይላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ካልጻፉ ፎቶው የሌላ ቀን ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ፎቶውን አሽከርካሪ ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከመንገዱ ሆነው ያንሱ፤ ከቅርብ የተነሳ ቆርቆሮ ብቻውን የት እንዳለ አይናገርም። በቴሌግራም ሲልኩትም እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ የተነሳበት ሰዓት መረጃ ይጠፋል።

አጣዳፊነቱስ? «ባስቸኳይ» የሚለውን ቃል የማይጽፍ ስለሌለ ማንንም አያስነሳም። የሚያስነሳው ቀን፣ በዚያ ቀን የሚመጣው ጉዳት፣ ከዚያ በፊት እንዲደረግ የሚጠየቀው ነገር ነው። ቀኑን በ«ጉዳዩ» መስመር ላይና በመጨረሻው አንቀጽ ያስገቡት፤ መሃል ላይ አይድገሙት። እንዲህ ይሆናል፦

«ለ……… ጽ/ቤት
ጉዳዩ፦ የመክፈያ ቀኑ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም የሚያበቃ የቅጣት ቁጥር …… እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም ከጠዋቱ 3፡40 (በስልክ ኦክቶበር 24፣ ሰዓት 9፡40) የሰሌዳ ቁጥሩ …… የሆነው ተሽከርካሪዬ …… አካባቢ ባልተፈቀደ ቦታ ቆሟል ተብሎ ተቀጥቻለሁ። በዕለቱ የክልከላ ምልክቱ በግንባታ ቆርቆሮ አጥር ስለተሸፈነ ከመንገዱ አይታይም ነበር። በዚያው ሰዓት ያነሳኋቸውን ሁለት ፎቶግራፎችና የቅጣቱን ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ።

ቅጣቱን አልከፈልኩም። ቦታው ታይቶ ቅጣቱ እንዲነሳልኝ፣ ውሳኔው ከጥቅምት 24 በፊት የማይደርስ ከሆነ ደግሞ እስከዚያ ጭማሪ እንዳይታሰብብኝ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከዚህ በታች ስም፣ ስልክ፣ ፊርማና የአባሪዎቹ ብዛት ይሰፍራል። ቀድመው ከፍለው ከሆነ ጥያቄው «የከፈልኩት እንዲመለስልኝ» ይሁንና ደረሰኙ ይያያዝ። የሚዲያው ማስፈራሪያ የቀረው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ዛቻ ያለበትን ደብዳቤ የታችኛው ሠራተኛ በራሱ ከመወሰን ይልቅ ወደ አለቃው ሊያሳልፈው ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ቀን የለዎትም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትመው መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስጽፉ። ደብዳቤው ስለገባ ብቻ የመክፈያው ቀን ቆሞልኛል ብለው አይቀመጡ፤ ቀኑ ሊሞላ ሁለት የሥራ ቀን ሲቀር የገቢ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱና ደብዳቤው ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ይጠይቁ።