ከባንክ ሰሌዳ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ያንብቡ

ለገሃር አካባቢ ካሉት ባንኮች አንዱ ጋ ሲገቡ የምንዛሪ ሰሌዳውን ልብ ይበሉ። «መግዣ» እና «መሸጫ» የሚል አለ። ቃላቱ የባንኩ ናቸው እንጂ የእርስዎ አይደሉም። እርስዎ ዶላር የሚገዙት በባንኩ መሸጫ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ለምሳሌ ያህል መግዣው 120፣ መሸጫው 124 ብር ነው እንበል። ለጉዞ 500 ዶላር ለመግዛት 62,000 ብር ከፈሉ። ጉዞው ቀረና ያንኑ ቀን መለሱት። የሚያገኙት 60,000 ነው። ዋጋው ንቅንቅ ሳይል 2,000 ብር ሄደ፤ በደረሰኝም ላይ «ክፍያ» ተብሎ አልተጻፈም። የአገልግሎት ክፍያ ካለ ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። ኪሳራዎን ለመመለስ መግዣው ራሱ 124 መድረስ አለበት።

ልዩነቱ ዝም ብሎ ትርፍ አይደለም። ባንኩ ጥሬ ዶላር ይቆጥራል፣ ያጓጉዛል፣ ሐሰተኛውን ይለያል። የገዛው ዶላር ሳይሸጥ ዋጋው ሊወርድበትም ይችላል። ገበያው ሲረበሽ ወይም ተገበያዩ ሲያንስ ይህ ስጋት ያድጋል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። በአክሲዮንም ያው ነው፤ አንዳንዴም ሻጩ ከገዢው የበለጠ ያውቃል የሚል ፍራቻ ይጨመርበታል።

ስለዚህ ልዩነቱን በሁለቱ ዋጋዎች አማካይ ያካፍሉት። 4 ለ122 ሲካፈል 3.3 በመቶ ገደማ ነው። ጎረቤቱ ባንክ 119.50 እና 122 ከለጠፈ፣ ሲገዙ እዚያ፣ ሲሸጡ ግን የመጀመሪያው ጋ ይሂዱ።